996 ደቂቃ ውሃ የሚቀዳ ቤት የለም፦ የሰርቬይ ዳታ ዲክሽነሪ አነባበብ

ደሴ ላይ የማሟያ ጽሑፍ የያዘ ተማሪ ዳታ የሚያገኘው ከሁለት ቦታ ነው። ወይ ራሱ መጠይቅ አባዝቶ ከሆጤ እስከ ፒያሳ ቤት ለቤት ይዞራል፤ ወይ ደግሞ ሌላ የሰበሰበውን የተዘጋጀ ዳታ ይወስዳል። ሁለተኛው ርካሽ ነው፣ የእግር ጉዞም የለውም። ግን መጠይቁን የጻፈው ሌላ ሰው ነው፣ የጠየቀው ሌላ ሰው ነው፣ ኮድ የሰጠውም ሌላ ሰው ነው። እነዚያ ሰዎች ምን እንዳደረጉ በመጀመሪያ የሚነግራችሁ ዳታ ዲክሽነሪው፣ ማለትም የቫሪያብሎቹን ስምና የኮዶቹን ትርጉም የያዘው ፋይል ነው። አብዛኛው ተማሪ እሱን የሚከፍተው ውጤቱ አልዋጥ ሲለው ነው። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን እንገለብጠዋለን።

መማሪያ የማደርገው የ2016ቱን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። ዓመቱ በፈረንጅ ነው፤ በእኛ 2008 ነበር። ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፣ ዲክሽነሪውም በደንብ የተሠራ ነው። ከውስጡ አንድ ቫሪያብል ብቻ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሄዳለን፦ ቤተሰቡ ውሃ ለመቅዳት የሚፈጅበት ጊዜ። የቦኖ ወረፋ የሚያውቅ ሰው ይህን ቁጥር ለማንበብ አይቸገርም ብዬ ነው።

ፎልደሩ ውስጥ ያለው ነገር

ዳታው ዚፕ ሆኖ ይመጣል። ስትፈቱት ዋናውን የዳታ ፋይል ታገኛላችሁ፤ ለስታታ ከሆነ በ`.DTA`፣ ለኤስፒኤስኤስ ከሆነ በ`.SAV` የሚያልቅ ነው። አጠገቡ በ`.MAP` የሚያልቅ ፋይል አለ። ዲክሽነሪው እሱ ነው። ኖትፓድ ይከፍተዋል። አትዝለሉት።

የፋይሉ ስም ራሱ መረጃ አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት `ET` አገሩን ያመለክታሉ። ቀጥለው ያሉት ሁለቱ ደግሞ አንድ መስመር ማን እንደሆነ ይናገራሉ። `HR` ከሆነ አንድ መስመር አንድ ቤተሰብ ነው። `IR` ከሆነ አንዲት ሴት ናት። `KR` ከሆነ ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ነው። የእኛ ጥያቄ ስለ ቤተሰብ ስለሆነ `HR` እንከፍታለን። በዚህ ጥናት 16,650 ቤተሰቦች ቃለ መጠይቅ ተደርጎላቸዋል፤ ፋይሉም 16,650 መስመር ሊኖረው ይገባል። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ስሙን ሳይሆን ጥያቄውን አንብቡ

`.MAP` ፋይሉ ውስጥ `HV204`ን ፈልጉ። በአጭሩ እንዲህ ያለ ነገር ታገኛላችሁ፦

```
HV204  Time to get to water source (minutes)
         996  On premises
         998  Don't know
```

ስያሜው ወደ ውሃው ለመድረስ የሚወስደውን ጊዜ ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «የውሃ ርቀት» ብሎ ጽሑፉ ውስጥ ያስገባዋል። አሁን መጠይቁን አውጡ። በጥናቱ ዋና ሪፖርት መጨረሻ፣ አባሪው ላይ ሙሉው መጠይቅ አለ። ጠያቂው የጠየቀው «እዚያ ሄዶ፣ ውሃ ቀድቶ፣ ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?» ብሎ ነው። ደርሶ መልስ ነው። ወረፋውም ውስጡ አለ።

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ቦኖው ከቤቷ የአምስት ደቂቃ መንገድ የሆነባት አንዲት እናት ወረፋው 30 ደቂቃ ካስቆማት መልሷ 40 ነው። ገጠር ውስጥ ምንጭ ለመድረስ 18 ደቂቃ የምትሄድ፣ ወረፋ የሌለባት ሌላ ሴትም ቀድታ ስትመለስ 40 ልትል ትችላለች። ዳታው ውስጥ ሁለቱ አንድ ናቸው። ስለዚህ ከዚህ ቫሪያብል ርቀትን ማስላት አይቻልም፤ ጊዜን ግን ይቻላል። ይህን ዲክሽነሪው አይነግራችሁም። ስያሜ አጭር መሆን ስላለበት ተቆርጦ የተጻፈ ነው። የምትጠቀሙበትን እያንዳንዱን ቫሪያብል ከመጠይቁ ዐረፍተ ነገር ጋር ማመሳከር አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ለአንድ ማሟያ ጽሑፍ ከ20 የማይበልጡ ቫሪያብሎች ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ያልቃል።

ቁጥር የሚመስሉ ግን ቁጥር ያልሆኑ

አሁን 996ን እና 998ን እንያቸው። 998 «አላውቅም» ነው። 996 ደግሞ ውሃው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው ማለት ነው። ሁለቱም ደቂቃ አይደሉም። ስታታ ግን ይህን አያውቅም። አማካይ አውጣ ካላችሁት ይደምራቸዋል።

ለማሳያ የሚሆኑ አሥር የኮምቦልቻ ቤተሰቦችን እኔው ልፍጠር። መልሳቸው እንዲህ ነው፦ 15፣ 20፣ 996፣ 10፣ 30፣ 998፣ 25፣ 996፣ 40፣ 996። እንዳለ ከደመርናቸው 4,126 ይሆናል፣ ለአሥር ሲካፈል 412.6። ኮምቦልቻ ላይ ውሃ ለመቅዳት ወደ ሰባት ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። ይህን ካየ እንኳን አማካሪ፣ ጎረቤትም ይስቅበታል።

ኮዶቹን ስናወጣ ስድስት ቤተሰቦች ይቀራሉ። ድምራቸው 140፣ አማካዩ 23.3 ደቂቃ ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ሲደርስ ተገላገልኩ ይላል። ግን ሦስቱ የ996 ቤቶች ጠፉ እኮ። እነሱ መልስ ያልሰጡ ቤቶች አይደሉም፤ ውሃው ደጃቸው ላይ ያለ ቤቶች ናቸው። ለእነሱ ዜሮ ደቂቃ ብንሰጥ 140 ለዘጠኝ ይካፈላል፣ አማካዩ 15.6 ይሆናል።

ከአንድ ዳታ ሦስት መልስ ወጣ። የመጀመሪያው ስህተት ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። «ውጭ ወጥተው የሚቀዱ ቤተሰቦች ምን ያህል ጊዜ ይፈጅባቸዋል?» ከሆነ 23.3። «አንድ ቤተሰብ በአማካይ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል?» ከሆነ 15.6። የትኛውን እንደመረጣችሁ ጽሑፉ ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር አስቀምጡ። 998 የመለሰው አንዱ ቤት ግን በሁለቱም ውስጥ አይገባም። ውጭ ወጥቶ እንደሚቀዳ እናውቃለን፣ ጊዜውን ግን አናውቅም።

የቱ ኮድ የት እንዳለ በዓይናችሁ ለማየት ይህን አስሩ፦

```
tab hv204 if hv204 > 900, missing
tab hv204 if hv204 > 900, missing nolabel
```

የመጀመሪያው ትርጉሙን ያሳያል፣ ሁለተኛው ቁጥሩን። ሁለቱን ጎን ለጎን ካያችሁ ግራ አትጋቡም። 999 ካገኛችሁ መልሱ መመዝገብ ሲገባው ሳይመዘገብ ቀርቷል ማለት ነው። ነጥብ ብቻ ካገኛችሁ ባዶ ነው፤ የባዶ ጉዳይ ወደ ታች ይመጣል።

996 ሁሌም 996 አይደለም

ኮዶቹ ልማድ አላቸው። በዚህ ዓይነት ጥናቶች ውስጥ በ8 የሚያልቀው (8፣ 98፣ 998) ብዙውን ጊዜ «አላውቅም» ነው። በ9 የሚያልቀው የጎደለ ነው። በ7 የሚያልቀው እርስ በርሱ የሚጋጭ መልስ ነው። ይህን የተማረ ጎበዝ ተማሪ አንዲት መስመር ጽፎ በመላው ፋይል ላይ ያለውን 996፣ 998 እና 999 ሁሉ ጠርጎ ሊያጠፋ ይሞክራል። ተዉ። ልማዱ ሕግ አይደለም።

የሴቶቹን ፋይል ክፈቱና `V453`ን እዩት። የሄሞግሎቢን መጠን ነው። እዚያ 994 «አልተገኘችም» ነው፣ 995 «አልመረመርም አለች» ነው፣ 996 ደግሞ «ሌላ ምክንያት» ነው። ያው 996 የውሃው ላይ ጥሩ ዜና ነበር፤ እዚህ ግን ምርመራ አልተደረገም ማለት ነው። በዚያ ላይ ዲክሽነሪው አንድ የተደበቀ አሥርዮሽ እንዳለው ይጽፋል፦ 125 ማለት 12.5 ነው። የሕፃናት ቁመት ለዕድሜ መለኪያ የሆነው `HW70` ደግሞ ሁለት የተደበቁ አሥርዮሾች አሉት። −215 ማለት −2.15 ነው፣ 9996 እና 9998 ደግሞ ልኬቱ የማይታመን የሆነባቸው ልጆች ናቸው።

ስለ ሄሞግሎቢን ካነሳን፣ የወሎ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ከ`V453` ሌላ `V456` የሚባል አለ። ይህኛው በከፍታና በሲጋራ ማጨስ የተስተካከለው ነው። ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን በተፈጥሮ ከፍ ይላል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች። ባልተስተካከለው ቫሪያብል ሁለቱን ብታወዳድሩ የደሴ ሴቶች ደም ማነስ የሌለባቸው ሊመስል ይችላል። የሁለቱ ስያሜ ተመሳሳይ ስለሆነ ቀድሞ የታየውን ማንሳት ይቀናል።

ባዶ ነው፣ ግን ለምን ባዶ ሆነ?

ወደ ስኪፕ፣ ማለትም ወደሚዘለሉ ጥያቄዎች መጣን። ከሁሉም በላይ ጊዜ መስጠት ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው።

በመጠይቁ ላይ አንዳንድ መልሶች አጠገብ ቀስትና የጥያቄ ቁጥር አለ። ይህ መልስ ከተሰጠ መካከል ያሉትን ጥያቄዎች ዝለል ማለት ነው። ለምሳሌ ቤተሰቡ የሚጠጣው ውሃ ቤት ውስጥ የገባ ወይም ግቢ ውስጥ ያለ ቧንቧ ከሆነ ጠያቂው ስለ ጊዜ አይጠይቅም። ግቢው ውስጥ ላለ ቧንቧ «ስንት ደቂቃ ይወስዳል?» ማለት ያስቃላ! ዳታው ሲስተካከል እነዚህ የተዘለሉ ቤቶች 996 ተሞላላቸው። ስለዚህ የውሃው ስኪፕ ኮድ አለው፣ ይታያል። ትክክል መሆኑን በዚህ ማረጋገጥ ትችላላችሁ፦

```
tab hv201 if hv204 == 996
```

`HV201` የውሃው ምንጭ ነው። በ11 እና በ12 የተመዘገቡት፣ ማለትም ቤትና ግቢ ውስጥ ያሉት ቧንቧዎች፣ እዚህ ሰንጠረዥ ላይ በብዛት መታየት አለባቸው። ጉድጓድም ልታዩ ትችላላችሁ፤ ግቢ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ያለው ቤት አለና አትደንግጡ። የወንዝ ውሃ በብዛት ካያችሁ ግን ቆም በሉ፤ ወይ ዳታው ውስጥ ችግር አለ፣ ወይ እናንተ የተሳሳተ ኮድ ይዛችኋል።

ሁሉም ስኪፕ እንዲህ የሚታይ አይደለም። ብዙዎቹ ባዶ ይተዋሉ፣ ስታታ ላይ ነጥብ ሆነው ይመጣሉ። የእርግዝና ክትትልን እንውሰድ። `M14_1` እናትየዋ በመጨረሻው እርግዝናዋ ስንት ጊዜ ለክትትል እንደሄደች ይናገራል። 0 ማለት አልሄደችም፣ 98 አላውቅም ነው። `M13_1` ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሄድ እርግዝናዋ ስንት ወር እንደነበረ ነው። ጭራሽ ያልሄደች ሴት ይህን አትጠየቅም፤ ባዶ ናት። ባለፉት አምስት ዓመታት ያልወለደችም ባዶ ናት። ያም ባዶ፣ ይህም ባዶ፣ ትርጉማቸው ግን አይገናኝም።

12 የወለዱ እናቶች አሉ እንበል። አራቱ ለክትትል አልሄዱም። ከቀሩት ስምንት ውስጥ ሦስቱ ከአራተኛ ወር በፊት ጀምረዋል። `M13_1`ን ብቻ ይዛችሁ መቶኛ ብታወጡ ሶፍትዌሩ ባዶዎቹን ዝም ብሎ ይጥላቸውና 3 ለ8፣ ማለትም 37.5 በመቶ ይላችኋል። ከሁሉም እናቶች ውስጥ ግን 3 ለ12 ነው፣ 25 በመቶ። በዋናው ሪፖርት ሰንጠረዥ ላይ «ክትትል ያላደረጉ» የሚል መደብ አለ፤ እነዚያ አራቱ አካፋዩ ውስጥ ናቸው ማለት ነው። ቁጥራችሁ ከሪፖርቱ ከፍ ብሎ ከወጣ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ነው። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ ምንም የስህተት ምልክት አያሳይም። 412 ደቂቃ ራሱን ያጋልጣል፤ 37.5 በመቶ ግን ማንንም አያስደነግጥም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቫሪያብል «ማን ተጠየቀ?» የሚል መልስ ያስፈልጋል። የጥናቱ የኮድ ማኑዋል ይህን `BASE` በሚል ቃል ስር ይጽፋል። ከሌለ መጠይቁ ላይ ከጥያቄው ወደ ኋላ ተመለሱና ወደ እሱ የሚያሻግሩ ቀስቶችን ሁሉ በእርሳስ ተከተሉ።

ስታታ ላይ ያለው ወጥመድ

ስታታ ባዶን ከማንኛውም ቁጥር እንደሚበልጥ አድርጎ ነው የሚያየው። «ከ30 ደቂቃ በላይ የሚፈጅባቸው» የሚል ቫሪያብል `hv204 > 30` ብላችሁ ከሠራችሁ ባዶዎቹ፣ 996ቶቹና 998ቶቹ በሙሉ ይገባሉ። ግቢው ውስጥ ቧንቧ ያለው ሰው ሩቅ ከሚቀዱት ጋር ተመደበ ማለት ነው። መፍትሔው ኦሪጅናሉን ሳይነኩ ቅጂ መሥራትና ለእያንዳንዱ ባዶ የየራሱን ምልክት መስጠት ነው፦

```
gen min = hv204
replace min = .a if hv204 == 996
replace min = .b if hv204 == 998
replace min = .c if hv204 == 999
gen over30 = min > 30 if !missing(min)
replace over30 = 0 if min == .a
tab over30 if hv204 < ., missing
count if missing(hv204)
```

`.a`፣ `.b` እና `.c` ሁሉም ለስታታ ባዶ ናቸው፣ ስሌት ውስጥ አይገቡም። እናንተ ግን የቱ ለምን ባዶ እንደሆነ አልጠፋባችሁም። በስድስተኛው መስመር ላይ ግቢ ውስጥ ውሃ ያላቸውን ወደ «ከ30 በላይ አይደለም» መልሰናቸዋል፤ ምክንያቱም መልሳቸው ይታወቃል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ትዕዛዞች የሚያወጧቸው ቁጥሮች ተደምረው ያ የጻፋችሁት 16,650 መምጣት አለበት። ካልመጣ አንድ ቦታ ሰው ጥላችኋል ወይም ጨምራችኋል። ኤስፒኤስኤስ የምትጠቀሙ ከሆነ በቫሪያብል ቪው ገጽ ላይ `Values` እና `Missing` የሚሉትን ዓምዶች አነጻጽሩ። ኮዱ `Values` ውስጥ ተጽፎ `Missing` ውስጥ ካልገባ እንደ ተራ ቁጥር ይቆጠራል።

ዘመኑ የማን ነው?

የእኛ አገር ዳታ የሚያመጣው ጉድ አለ። በሌሎች ብዙ አገሮች የተደረገውን ተመሳሳይ ጥናት የሚጠቀሙ ሰዎች አያጋጥማቸውም። በፋይሉ ውስጥ ያሉት ቀናት በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ናቸው። የቃለ መጠይቁ ዓመት 2008 ይላል። የወራት ቆጠራውም ከ1900 ተነስቶ በዚያው ነው የሚሄደው፤ መስከረም 2008 በቀመሩ (2008 − 1900) × 12 + 1፣ ማለትም 1297 ነው። ወደ ፈረንጅ መቀየር ከፈለጋችሁ 92 ወር ትጨምራላችሁ፣ 1389 ይሆናል፣ ሴፕቴምበር 2015 ነው። ከሌላ አገር ዳታ ወይም ከዝናብ መረጃ ጋር ስታዋህዱ ይህን ካላደረጋችሁ የሰባት ዓመት ከስምንት ወር ስህተት ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ። የልጅን ዕድሜ ለማስላት ግን ሁለቱም ቀናት በአንድ አቆጣጠር እስከሆኑ ድረስ መቀየር አያስፈልግም።

የራሳችሁ ዳታ ከሆነ

በስልክ ፎርም መሙያው በኮቦቱልቦክስ የሰበሰባችሁ ከሆነ ዲክሽነሪው ፎርሙን የሠራችሁበት ኤክሴል ነው። `survey` በሚለው ገጽ ላይ `relevant` የሚል ዓምድ አለ፤ ስኪፑ እዚያ ነው። `choices` በሚለው ገጽ ላይ ደግሞ ኮዶቹ አሉ። ፎርሙን ዳታ መሰብሰብ ከጀመራችሁ በኋላ ካስተካከላችሁት የቀድሞውን ቅጂ አትሰርዙ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ 3 «ምንጭ» ከነበረና በኋላ «ቦኖ» ካደረጋችሁት ዳታው ውስጥ ያለው 3 ሁለት ነገር ነው፤ የሚለየው ቀኑ ብቻ ነው።

«አላውቅም»ን 9 ወይም 99 የምትሉ ከሆነ እውነተኛው መልስ እዚያ መድረስ እንደማይችል አረጋግጡ። የቤተሰብ አባላት ቁጥር 9 ሊሆን ይችላል፣ የአረጋዊ ዕድሜም 99። በብሔራዊው ጥናት የቤተሰብ መዝገብ ላይ ዕድሜው 95 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ 95 ተብሎ የሚጻፈው ከላይ ያሉት ቁጥሮች ለኮድ ነፃ እንዲሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ውጤታችሁ ከሪፖርቱ ጋር በትንሹ ካልገጠመ ኮዶቹን እንደገና ከመበርበራችሁ በፊት `HV005`ን እዩ። የናሙና ክብደቱ ነው፤ ስድስት የተደበቁ አሥርዮሾች ስላሉት ለ1,000,000 ይካፈላል። ሪፖርቱ በክብደት የተሰላ ነው፣ የእናንተ ሰንጠረዥ ደግሞ ገና አልተመዘነም።